«ግማሽ በግማሽ» ሲባል፦ የመግቢያ ፈተናንና የትምህርት ቤት ውጤትን ደምሮ ተማሪ ስለ መምረጥ
(በፋኩልቲው ወርኃዊ የሕዝብ ንግግር መርሐ ግብር ላይ የቀረበ፤ ከድምፅ ቅጂ የተጻፈና በተናጋሪው የታረመ)



ንግግሬን የምጀምረው በአንዲት ተማሪ ጥያቄ ነው። ከጥቂት ዓመታት በፊት ነጻ የትምህርት ዕድል የሚሰጣቸውን ተማሪዎች የሚለይ አንድ ኮሚቴ አባል ነበርኩ። የመምረጫ መስፈርቱ በማስታወቂያ በግልጽ ተነግሯል፤ የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና ግማሹን፣ ከ9ኛ እስከ 12ኛ ክፍል ያለው የትራንስክሪፕት አማካይ ደግሞ ሌላውን ግማሽ ይይዛል። ስም ዝርዝሩ በተለጠፈ በማግሥቱ አንዲት አመልካች ቢሮዬ መጣች። ጨዋ ናት፤ ድምጿን አላነሣችም። «ዶክተር፣ ከተመረጡት ከአብዛኞቹ በትራንስክሪፕት እበልጣለሁ። በፈተናው ጥቂት አንሳለሁ። ሁለቱ እኩል ናቸው ብላችሁ ነበር። ታዲያ የእኔ ትራንስክሪፕት የት ገባ?» አለችኝ።

ሰንጠረዡን ከፍቼ ድምሩን አሳየኋት። የድምር ስሕተት አልነበረም። አመስግናኝ ሄደች። ጥያቄዋ ግን እኔ ዘንድ ቀረ፤ ምክንያቱም የመለስኩላት የሒሳቡን ትክክለኛነት እንጂ የጠየቀችኝን አልነበረም። ዛሬ የምናገረው በዚያን ዕለት ልመልስላት ይገባኝ የነበረውን ነው። መልሱ መጀመሪያ ላይ እርሷን የሚደግፍ ይመስላል፤ እየቆየ ግን መልኩን ይለውጣል። ስለዚህ እስከ መጨረሻው አብራችሁኝ እንድትቆዩ እጠይቃለሁ።

አርባ አመልካቾች አሉ እንበል። ቁጥሮቹ ለዛሬው ንግግር ያዘጋጀኋቸው ናቸው፤ ቅርጻቸው ግን በምርጫ ሥራ ላይ ደጋግሜ ካየሁት የራቀ አይደለም። ሁለቱም ውጤቶች ከመቶ ተቀይረዋል። የአመልካቾቹ የፈተና አማካይ 62 ሲሆን ውጤቶቹ ከአማካዩ ወዲያና ወዲህ በመጠኑ 8 ነጥብ ያህል ይራራቃሉ፤ ይህን ርቀት በስታቲስቲክስ ስታንዳርድ ዴቪዬሽን እንለዋለን፤ እኔ ዛሬ «ስርጭት» እያልኩ እጠራዋለሁ። የትራንስክሪፕቱ አማካይ 91፣ ስርጭቱ 3 ብቻ ነው። ይህ የሚያስገርም አይደለም። ለነጻ ትምህርት ዕድል የሚያመለክት ተማሪ በትምህርት ቤቱ ጎበዝ የሚባል ነው፤ መምህራንም ለጎበዝ ተማሪ ከዘጠና በታች መስጠት ይከብዳቸዋል። ስለዚህ ትራንስክሪፕቶቹ ሁሉ በአንድ ጠባብ መስኮት ውስጥ ይታጨቃሉ።

አሁን በፈተናው ከአማካዩ አንድ ስርጭት ከፍ ያለ ተማሪ በድምሩ ላይ ስንት ነጥብ ያተርፋል? የ8 ግማሽ፣ 4 ነጥብ። በትራንስክሪፕት አንድ ስርጭት ከፍ ያለውስ? የ3 ግማሽ፣ አንድ ተኩል ብቻ። ሁለቱ ተማሪዎች በየመስካቸው እኩል ልቀዋል፤ የተከፈላቸው ግን እኩል አይደለም። በማስታወቂያው ላይ 50 ለ50 ያልነው ቀመር በተግባር 73 ለ27 ሆኖ ሠርቷል። ክብደቱን የወሰነው ቃለ ጉባኤያችን ሳይሆን የውጤቶቹ ስርጭት ነው። ሁሉም አመልካች 91 ቢያመጣ ኖሮ ትራንስክሪፕቱ 50 በመቶ ቢያዝለትም የማንንም ቦታ አይለውጥም ነበር።

ሦስት አመልካቾችን እንውሰድ፤ ሀ፣ ለ እና ሐ እንበላቸው። ሀ በፈተና 78፣ በትራንስክሪፕት 88 አለው። ለ በፈተና 66፣ በትራንስክሪፕት 97 አላት። ሐ በፈተና 70፣ በትራንስክሪፕት 94 አላት። ግማሽ በግማሽ ስንደምር ሀ 83፣ ሐ 82፣ ለ 81.5 ያገኛሉ። ቢሮዬ የመጣችው ተማሪ ለን ትመስላለች።

የስታቲስቲክስ መጽሐፍ ለዚህ የሚሰጠው መድኃኒት የታወቀ ነው። ከመደመራችን በፊት እያንዳንዱን ውጤት ከአማካዩ ቀንሰን በስርጭቱ እናካፍላለን፤ የሚገኘው ዜድ ውጤት ይባላል። አርባው አመልካች በሰንጠረዥ ላይ ከሁለተኛው ረድፍ ጀምሮ ከተጻፈ፣ የፈተናውን አምድ እንዲህ ማስላት ይቻላል፦

```
=(B2-AVERAGE(B$2:B$41))/STDEV.S(B$2:B$41)
```

የትራንስክሪፕቱንም አምድ እንዲሁ አድርገን የሁለቱን አማካይ እንወስዳለን። ሀ በፈተና +2፣ በትራንስክሪፕት −1 ስለሆነ አማካዩ 0.5 ነው። ለ +0.5 እና +2 ስላላት 1.25 ታገኛለች። ሐ በሁለቱም +1 ስለሆነች 1 ታገኛለች። ቅደም ተከተሉ ሙሉ በሙሉ ተገለበጠ፤ ለ አንደኛ፣ ሐ ሁለተኛ፣ ሀ ሦስተኛ። አንድ ቦታ ብቻ ቢኖር ኖሮ ዕድሉ ከሀ ወደ ለ ይሻገር ነበር፤ የማንም ውጤት ሳይለወጥ፣ «ግማሽ በግማሽ» የሚለው ቃልም ሳይነካ።

በዚህ ላይ አንድ ነገር ጣልቃ ላስገባ። ይህ ችግር ሁልጊዜ ፈተናውን የሚጠቅም አይምሰላችሁ። የአንደኛ ዓመት ተማሪዎችን ወደ ትምህርት ክፍል ስንመድብ የመግቢያ ፈተናውን ከዩኒቨርሲቲው አጠቃላይ አማካይ ነጥብ ጋር የምንደምርበት ጊዜ አለ። የአገራችን የመግቢያ ፈተና ማለፊያ 50 በመቶ ከሆነ ወዲህ ዝቅተኛው ጫፍ ከመግቢያው በር ላይ ተቆርጦ ይቀራል፤ ስለዚህ በገቡት ተማሪዎች መካከል የፈተናው ስርጭት ይጠባል። አምስት ነጥብ ነው እንበል። የዩኒቨርሲቲው ነጥብ ግን ከ4 ተካፍሎ ወደ መቶ ሲቀየር 2.0 ያለው ተማሪ 50፣ 4.0 ያለው 100 ይሆናል። የነጥቡ ስርጭት ግማሽ ነጥብ ቢሆን ከመቶ 12.5 ነው። እዚያ ደግሞ «ግማሽ በግማሽ» ማለት 71 ለ29 ነው፤ የሚበልጠው ግን የዩኒቨርሲቲው ነጥብ ነው። ያው ቀመር፣ ያው ማስታወቂያ፣ ተቃራኒ ውጤት። አንድ ኮሚቴ በየትኛው ወገን እንዳለ ማወቅ ከፈለገ ረቀቅ ያለ ሒሳብ አያስፈልገውም። አንደኛውን አምድ ሰርዞ ምርጫውን እንደገና ያካሂድ፤ ከተመረጡት ስሞች ስንቱ እንደተለወጡ ይቁጠር። አንድም ስም ካልተለወጠ ያ አምድ ለጌጥ ነበር ማለት ነው።

ወደ ዋናው ጉዳይ ልመለስ። እስካሁን ካልኩት ተነሥታችሁ ቢሮዬ የመጣችው ተማሪ በደል ተፈጽሞባታል ልትሉ ትችላላችሁ። እኔም ለጥቂት ወራት እንደዚያ አስብ ነበር። በቀጣዩ ዓመት ኮሚቴው ዜድ ውጤት እንዲጠቀም ሐሳብ አቀረብኩ፤ ተቀባይነትም ሊያገኝ ነበር። ያቆመን የአንድ አንጋፋ ባልደረባችን አጭር ጥያቄ ነው። ዕድሜያቸውን በሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ርእሰ መምህርነት ያሳለፉ ሰው ናቸው። «ዘጠና ሰባት የሰጠው ማን ነው?» አሉ።

እርግጥ ነው። ብሔራዊ ፈተናውን የወሰዱት ሁሉ አንድ ወረቀት ነው የተቀበሉት። ትራንስክሪፕቱን ግን እያንዳንዱ ትምህርት ቤት በራሱ መምህር፣ በራሱ ፈተና፣ በራሱ ልማድ ነው የሚያዘጋጀው። አንዱ ትምህርት ቤት 97ን ለክፍሉ ግማሽ ያህል ይሰጣል፤ ሌላው 88ን በሦስት ዓመት አንዴ ያያል። ሁለቱን በአንድ አማካይና በአንድ ስርጭት ለክቶ +2 እና −1 ማለት ሁለት የተለያዩ ሚዛኖችን በአንድ ኪሎ መጥራት ነው። እንግዲህ ልብ በሉ፤ የመጀመሪያው ቀመራችን ሁለት ጉድለት ነበረበት። አንደኛው የትራንስክሪፕቱ ክብደት ከተነገረው ማነሱ ነው። ሁለተኛው ትራንስክሪፕቱ ራሱ ከትምህርት ቤት ትምህርት ቤት የማይነጻጸር መሆኑ ነው። የመጀመሪያው ጉድለት ሁለተኛውን ሸፍኖት ቆይቷል፤ የማይታመነው መለኪያ ብዙም ስላልሠራ ብዙም አልጎዳም። እኔ ያቀረብኩት ማሻሻያ አንዱን ብቻ አርሞ ሌላውን ለቀቀው። ውጤት በልግስና የሚሰጥ ትምህርት ቤት ከዚያን ጊዜ ጀምሮ በሙሉ ክብደት ይሸለም ነበር፤ ይህንንም የሰሙ ሌሎች ትምህርት ቤቶች በቀጣዩ ዓመት ምን እንደሚያደርጉ መገመት አያዳግትም።

ታዲያ የትምህርት ቤት ውጤትን እንዴት ማነጻጸር ይቻላል? ከማውቃቸው መንገዶች ለእኛ ትምህርት የሚሰጠው የአውስትራሊያዋ ኒው ሳውዝ ዌልስ ግዛት የምትሠራበት ነው። እዚያ ትምህርት ቤቱ የተማሪዎቹን የውስጥ ምዘና ውጤት ይልካል፤ ከዚያም ውጤቱ እነዚያው ተማሪዎች በጋራው ፈተና ባመጡት ልክ ይመጣጠናል። በትምህርት ቤቱ ውስጥ ያለው ቅደም ተከተል አይነካም፤ አንደኛ የተባለው አንደኛ እንደሆነ ይቀራል። የሚለወጠው ቁጥሩ ነው። የእነርሱ አሠራር የቡድኑን አማካይና የበላዩን ውጤት ከፈተናው ጋር ያገናኛል፤ እኔ ለማስረዳት እንዲቀለኝ አማካይና ስርጭት እጠቀማለሁ።

የሦስቱን አመልካቾች ትምህርት ቤቶች እንመልከት። አመልካቾቹን ብቻ ሳይሆን የየትምህርት ቤቱን የ12ኛ ክፍል ተፈታኞች ሁሉ ነው የምንወስደው። በሀ ትምህርት ቤት የትራንስክሪፕት አማካይ 82፣ ስርጭቱ 4 ነው፤ የፈተና አማካያቸው 66፣ ስርጭቱ 8። ሀ ባለ 88ቱ ከክፍሉ አማካይ በአንድ ተኩል ስርጭት ይበልጣል። ይህን ብልጫ ወደ ፈተናው ሚዛን ስንወስደው 66 ላይ የ8ን አንድ ተኩል እጥፍ እንጨምራለን፤ 78 ይሆናል። በለ ትምህርት ቤት የትራንስክሪፕት አማካይ 94፣ ስርጭቱ 2 ነው፤ የፈተና አማካያቸው 58፣ ስርጭቱ 6። የለ 97 እንዲሁ በአንድ ተኩል ስርጭት ይበልጣል፤ ሲመጣጠን 67 ይሆናል። ሐ ከአነስተኛ የወረዳ ከተማ ትምህርት ቤት ናት እንበል። የትራንስክሪፕት አማካዩ 86፣ ስርጭቱ 4፣ የፈተና አማካዩ 50፣ ስርጭቱ 7 ነው። ባላት 94 ከክፍሏ በሁለት ስርጭት ትበልጣለች፤ ሲመጣጠን 64 ትሆናለች።

አሁን ግማሽ በግማሽ ብንደምር ሀ 78፣ ሐ 67፣ ለ 66.5 ያገኛሉ። ቅደም ተከተሉ ወደ መጀመሪያው ተመለሰ። ለ ያላት 97 ከሀ 88 የሚበልጥ ይመስል ነበር፤ በየክፍላቸው ሲታይ ግን ሁለቱ እኩል ርቀት ነው የሄዱት። እንግዲህ ለዚያች ተማሪ ልሰጣት ይገባኝ የነበረው መልስ ይህ ነበር፤ «ጥያቄሽ ትክክል ነው፤ ቀመራችን የተናገርነውን አላደረገም። ነገር ግን ቀመሩ ቢታረምም 97ሽ አንቺ የምታስቢውን ያህል አይመዝንም።» ሁለቱንም ማወቅ መብቷ ነበር። ኮሚቴው ግን ሁለቱንም አያውቅም ነበር።

ማመጣጠን ግን ከእንከን የጸዳ አይደለም፤ እንከኑም ሐ ላይ ይታያል። ራሷ በፈተናው 70 አምጥታለች። ትራንስክሪፕቷ ግን ወደ 64 ወርዷል፤ ያወረዷት የክፍል ጓደኞቿ ናቸው። መምህር በጎደለበት፣ ቤተ ሙከራ በሌለበት ትምህርት ቤት አራት ዓመት ከክፍሏ በሁለት ስርጭት ቀድማ መቆየቷ እንደ ድክመት ተቆጠረባት። ይህን የማይፈልግ ሰው በትምህርት ቤቱ ውስጥ ያለውን ቦታ ብቻ መውሰድ ይችላል፤ ሀ +1.5፣ ለ +1.5፣ ሐ +2። ከፈተናው ዜድ ጋር ሲዳመር አማካዩ ለሀ 1.75፣ ለሐ 1.5፣ ለለ 1 ይሆናል። የአሜሪካዋ ቴክሳስ በ1997 ባወጣችው ሕግ ይህን ሐሳብ እስከ ጫፍ ወስዳዋለች፤ በየትምህርት ቤታቸው ከላይኛው አሥር በመቶ ውስጥ የሚገኙ ተማሪዎች፣ ትምህርት ቤቱ የትም ይሁን፣ በግዛቲቱ የመንግሥት ዩኒቨርሲቲዎች ቦታ እንዲያገኙ ደንግጋለች።

ሁለቱ መንገዶች የሚለያዩት በሒሳብ አይደለም። ማመጣጠን የሚጠይቀው «ይህ ተማሪ ዛሬ ምን ያህል ያውቃል?» ብሎ ነው። በትምህርት ቤት ውስጥ ያለን ቦታ መውሰድ የሚጠይቀው «በተሰጠው ዕድል ምን ያህል ሄደ?» ብሎ ነው። የእኔ አቋም ተጠየቅሁ እንጂ አልደብቅም፤ ፈተናው ዛሬ የሚታወቀውን ስለሚለካልን ትራንስክሪፕቱን ለሁለተኛው ጥያቄ ብናውለው ይሻላል ባይ ነኝ። አለበለዚያ አንዱን ነገር ሁለት ጊዜ እየለካን ነው። በምሳሌያችን ሁለቱም መንገዶች አንድ ቅደም ተከተል ሰጥተዋል፤ ይህ ሲሆን ኮሚቴ በልበ ሙሉነት መወሰን ይችላል። ሲለያዩ ግን የሚወስነው ኮሚቴው እንጂ ሰንጠረዡ አለመሆኑን አምኖ በቃለ ጉባኤ ማስፈር አለበት። አንድ ገደብም አለ፤ ትምህርት ቤቱ ዐሥር ወይም ዐሥራ ሁለት ተፈታኝ ብቻ ካለው አማካዩም ስርጭቱም በአንድ ተማሪ ሕመም ሊዛባ ስለሚችል ሁለቱም መንገዶች አይታመኑም። ለእንዲህ ያለው ትምህርት ቤት የሦስት ዓመት ተፈታኞችን አንድ ላይ መውሰድ ይቀላል።

ስለ መቁረጫው ነጥብ ጥቂት ልበልና ላብቃ። በተመጣጠነው ድምር ሐ 67፣ ለ 66.5 አላቸው። ሁለተኛ ቦታ ቢኖር ግማሽ ነጥብ ይለያቸዋል። ይህ ግማሽ ነጥብ ምን ያህል እውነት ነው? የፈተናው አስተማማኝነት 0.90 ነው እንበል፤ ለረጅም የምርጫ ፈተና ጥሩ የሚባል ነው። ስርጭቱ 8 ከሆነ የአንድ ተማሪ ውጤት የመለኪያ ስሕተት 8 ሲባዛ በ0.10 ስኩዌር ሩት፣ ማለትም ሁለት ተኩል ነጥብ ያህል ነው። በሁለት ተማሪዎች ልዩነት ላይ ደግሞ ወደ ሦስት ተኩል ያድጋል። ፈተናው በድምሩ ግማሽ ስለሚይዝ፣ ትራንስክሪፕቱ አንዳችም ስሕተት የለበትም ብንል እንኳ፣ በድምሩ ልዩነት ላይ ወደ 1.8 የሚጠጋ ነጥብ ይቀራል። ግማሽ ነጥብ የዚህን ሲሶ እንኳ አይሞላም። ተማሪዎቹ በሌላ ቀን፣ በሌላ ዓይነት የጥያቄ ቅደም ተከተል ተፈትነው ቢሆን ቦታ ሊለዋወጡ ይችሉ ነበር። ውጤትን እስከ ሁለት አሃዝ ክፍልፋይ አስልተን 66.48ን ውጭ፣ 66.51ን ውስጥ ስናደርግ ትክክለኛነት የምንለው ነገር የካልኩሌተሩ እንጂ የፈተናው አይደለም።

ስለዚህ በመቁረጫው ዙሪያ አንድ ቀጠና መከለል ይገባል። ከቀጠናው በላይ ያሉት በውጤታቸው ይገባሉ፤ በታች ያሉት ይቀራሉ። በውስጡ ያሉት እኩል እንደሆኑ ተቆጥረው ቀድሞ በተነገረ ሌላ መስፈርት ይለያሉ። መስፈርቱ ከዚህ በፊት ተማሪ ካልተመረጠበት ትምህርት ቤት መምጣት ሊሆን ይችላል፤ ዕጣም ሊሆን ይችላል። ዕጣ ስል ፈገግ ያላችሁትን አይቻለሁ። በኔዘርላንድስ ሕክምና ለመማር ለብዙ ዓመታት ዕጣ ይወጣ ነበር፤ የተሻለ ውጤት ያለው ተማሪ የተሻለ ዕድል የሚያገኝበት ዕጣ። ዕጣ ቢያንስ ስለ ራሱ አይዋሽም።

(ከንግግሩ በኋላ ከቀረቡት ጥያቄዎች አንዱ)

ጥያቄ፦ ዜድ ውጤት ወይም ማመጣጠን ከተጠቀምን ተማሪው ውጤቱን አስቀድሞ ራሱ ማስላት አይችልም፤ አማካዩና ስርጭቱ የሚታወቁት አመልካቾች ሁሉ ከተመዘገቡ በኋላ ነው። ግልጽነት አይጎድልም ወይ?

መልስ፦ ይጎድላል፤ ጥያቄህ ከጠቀስኳቸው ሁሉ የሚከብደው ነው። አንዱ መውጫ ያለፈውን ዓመት አማካይና ስርጭት ቋሚ አድርጎ በማስታወቂያው ላይ ማተም ነው። ተማሪው የራሱን ውጤት አስገብቶ ያሰላል፤ ዘግይቶ የሚያመለክት ሌላ ተማሪም ቁጥሩን አይለውጥበትም። ነገር ግን ይህ የሚሠራው ፈተናው ከዓመት ዓመት ሲመሳሰል ነው። በ2015 ዓ.ም. መጀመሪያ የ12ኛ ክፍል ፈተና በዩኒቨርሲቲዎች ግቢ ውስጥ መሰጠት ሲጀምር 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት ከመቶ ሦስት ያህል ብቻ ነበሩ። በዚያ ዓመት የቀደመውን ዓመት አማካይ ይዞ የተገኘ ኮሚቴ ቢኖር ፈተናው አብዛኞቹን አመልካቾች ከአማካይ በታች አድርጎ ያሳያቸው ነበር፤ ይህ ብቻውን ቅደም ተከተሉን ባያፋልስም፣ ስርጭቱም አብሮ ስለሚለወጥ ክብደቱን ግን ያዛባው ነበር። ስለዚህ እኔ የምመርጠው ስሌቱን እንጂ ቁጥሩን አስቀድሞ ማወጅ ነው፤ ምርጫው ሲያልቅ ደግሞ አማካዩን፣ ስርጭቱንና የእያንዳንዱን ትምህርት ቤት ቁጥሮች ከስም ዝርዝሩ ጎን መለጠፍ። ያን ጊዜ ቢሮዬ የምትመጣ ተማሪ ካልኩሌተሯን ይዛ ትመጣለች፤ እኔም ድምሩን ብቻ አሳይቼ ልሸኛት አልችልም።